ውሃው ምን አጠፋ?

የኩላሊት ሕመምተኛ ከሐኪም ቤት ሲወጣ ስለ አመጋገብ አንዲት ወረቀት ይዞ ይወጣል። ፎቶ ኮፒ ከመደጋገሙ ብዛት ፊደሉ የፈዘዘ ነው። ከላይ በደማቁ «ፈሳሽ ይቀንሱ» ይላል። በቀን ከ1 ሊትር እንዳይበልጥ፣ ሻዩም ሾርባውም በረዶውም እንደ ውሃ እንዲቆጠር ያዛል። ጨው የሚመጣው ወደ ታች ወረድ ብሎ ነው። እሱም ቢሆን «ጨው የበዛባቸውን ምግቦች አያዘውትሩ» ካለ በኋላ የታሸገ ሾርባ፣ ቤከን፣ ቺፕስና በጨው የተዘፈዘፈ የወይራ ፍሬ ይዘረዝራል። ሽሮ የለበትም። በርበሬ የለበትም። ዳቦም የለበትም። የወረቀቱ ባለቤት ግን ቁርስ፣ ምሳና እራት የሚበላው እነዚህን ሦስቱን ነው፤ ቤከን የሚባለውን በዓይኑም አላየው ይሆናል።

የወረቀቱ ስህተት የትርጉም ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት መስመር ተጨምሮበት ይስተካከል ነበር። ከኋላው ያለው እምነት ግን ሥር የሰደደ ነው፤ ሐኪሙም ነርሷም ቤተሰቡም ይጋሩታል። ሰውየው ያበጠው ውሃ ስለጠጣ ነው፤ እንግዲያው ውሃ ይከልከል፤ ካልተከለከለ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው። በእጥበት ክፍል ጠዋት ጠዋት ሚዛኑ አጠገብ የሚሰማው ንግግር ይኸው ነው። «አባባ፣ ዛሬም አራት ኪሎ ይዘው መጡ! ውሃ አይጠጡ አላልንዎትም?» አባባ አንገታቸውን ይደፋሉ። ማታ የበሉትን የሚጠይቃቸው ግን የለም።

እኔ የምለው ይህ ነው። በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ ውሃ ተከታይ ነው፤ የሚጎትተው ጨው ነው። ጨውን ሳይነኩ ውሃን መከልከል ማንም ሊፈጽመው የማይችለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ባለመፈጸሙ መውቀስ ነው። የራሴ ግኝት አይደለም፤ የብሪታንያው የኩላሊት ሐኪም ቻርልስ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ2001 በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ፣ የእጥበት ታካሚን ጨው ሳያስቀንሱ ፈሳሽ ቀንስ ማለት ማስረጃ የሌለውና ጊዜ ማባከን የሆነ ምክር ነው ብሎ በግልጽ ጽፎታል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ፤ ወረቀቱ ግን ያው ነው።

ነገሩ የሚገባው ከደም ሲነሱ ነው። የሰው ደም ጨዋማነቱን አጥብቆ ይጠብቃል። ላቦራቶሪ «ሶዲየም» ብሎ የሚጽፈው ቁጥር በጤነኛ ሰው ከ135 እስከ 145 ባለው ይወሰናል። ጨው የበዛበት ምግብ ተበልቶ ቁጥሩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ከፍ ሲል አንጎል ያውቀዋል፣ ጥምንም ያዛል። ጥሙ የሚለቀው የገባውን ጨው የሚያቀጥን ውሃ ሲጠጣ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ትርፉን ጨውና ውሃ በሽንት ያወጣዋል፤ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል። ሽንቱ የቆመ ሰው ግን ሁለቱንም ይዞ ይቀመጣል። ስሌቱም ቀላል ነው፤ 8 ግራም ያህል ጨው 1 ሊትር ውሃ ይዞ ይቀራል፤ 1 ሊትር ውሃ ደግሞ ሚዛን ላይ 1 ኪሎ ነው።

አሁን አንድ ታካሚ እናስብ። ውሃው ሁሉ ወጥቶለት ሲመዘን፣ ማለትም ደረቅ ክብደቱ፣ 60 ኪሎ ነው። ሽንት አይወርደውም። እጥበቱ በአገራችን ብዙዎች ከገንዘብና ከማሽን እጥረት የተነሳ እንደሚያደርጉት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማክሰኞና ዓርብ ነው። ከዓርብ እስከ ማክሰኞ አራት ቀን አለ። በቀን 9 ግራም ጨው ይበላል እንበል። ይህ የተጋነነ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናት የአዋቂ ኢትዮጵያዊ አማካይ ፍጆታ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። በአራት ቀን 36 ግራም ጨው ገባ ማለት ነው። ይህን ወደ ደሙ ልክ ለማቅጠን 4.4 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል። ሰውየው ውሃ ወዳጅ ስለሆነ አይደለም፤ አንጎሉ እስኪያገኘው ድረስ አያስተኛውም። ሌሊት ተነስቶ ከቧንቧ ይጠጣል፤ ጠዋት ደግሞ አልጠጣሁም ይላል።

ማክሰኞ 64 ኪሎ ተኩል ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ይመጣል። ማሽኑ ያን ሁሉ በአራት ሰዓት ውስጥ መሳብ አለበት። ከሰውነት በሰዓት የሚሳበው ውሃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ13 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ልብ እንደሚጎዳ ይታወቃል። ለ60 ኪሎ ሰው በአራት ሰዓት ይህ 3.1 ሊትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ወይ ከአንድ ሊትር በላይ በላዩ ላይ ቀርቶ ይሄዳል፣ ወይ ከልክ በላይ በፍጥነት ይሳባል። በፍጥነት ሲሳብ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ግፊቱ ይወርዳል፣ ያዛጋዋል፣ ባቱን ስትራፖ ይይዘውና ይጮኻል።

ያው ሰው በቀን 5 ግራም ቢበላ በአራቱ ቀን 20 ግራም ነው፤ 2.4 ሊትር ገደማ ይዞ ይመጣል። ይህ በአራት ሰዓት ያለ ችግር ይወጣል። በመካከላቸው ያለው ሁለት ሊትር ሙሉ በሙሉ የጨው ሥራ ነው። ማንም ስለ ብርጭቆ አልተቆጣውም፣ በረዶ አልተቆጠረበትም፤ ያልጠማው ሰው ከየት አምጥቶ ይጠጣል?

ይህን ስል ሁልጊዜ የሚመጣ መልስ አለ። «እኛ አገር እኮ ጨው ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ጨው የበዛበት የፈረንጅ ምግብ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። የሚቀመጠው ከዚያ በፊት፣ ወፍጮ ቤት ሳይደርስ ነው።

በርበሬ አዘገጃጀቱን ያየ ሰው ያውቀዋል። ዛላው ተቀንጥሶ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ይደለዛል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ ይገባበታል፤ ጨውም አብሮ ይገባና ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ሽሮም እንዲሁ ነው፤ አተሩ ወይም ሽንብራው ተቆልቶ ተከክቶ ከበርበሬውና ከቅመሙ ጋር ጨው ተጨምሮበት ይፈጫል። ሽሮ ውስጥ የገባው በርበሬ ራሱ ጨው አለበት። ወጡ ሲሠራ ደግሞ ሦስተኛው ጨው በማንኪያ ይጨመራል። ሚጥሚጣና አዋዜ ሲከተሉ አራተኛው። አንዳንዱ ቤት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሾርባ ኪዩብ ይጨምርበታል፤ እሱ ከግማሽ በላይ ጨው ነው ብል አልሳሳትም።

ስለዚህ ሚስቱ «ለእሱ ስል ጨው ትቻለሁ» ስትል አትዋሽም። ማንኪያውን ትታለች። የቀሩት ሦስቱ ዱቄቱ ውስጥ አሉ፤ ማንም ስላልነገራት አልቆጠረቻቸውም። ቤከን ተከልክላ ሽሮ የተፈቀደላት ሴት ምን ታድርግ? በጾም ወራት ደግሞ ይብሳል፤ ሁለት ወር ሙሉ ሽሮና ዳቦ ሲሆን ማለት ነው። ዳቦ በ100 ግራም ከአንድ ግራም ከፍ ያለ ጨው አለው፤ ጣዕሙ ግን አይናገርም። እንጀራ በአንጻሩ ባብዛኛው ቤት ጨው ሳይገባበት ይጋገራል። ከዳቦና ከእንጀራ አንዱን ምረጥ ለተባለ የኩላሊት ሕመምተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከውጭ የተተረጎመ ወረቀት ግን እንጀራን ስለማያውቅ አይነግረውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፤ የኩላሊት ሐኪሞች መመሪያም ከዚሁ አይርቅም። ይህ በወጥ ቤት ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው። ጫፉ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 6 ግራም ይጠጋል። ሕመምተኛው በቀን አንድ መጠነኛ ዳቦ ከበላ አንድ ግራሙ ሄደ። አንድ ግራም ሳይታወቅ ለሚገባው ይተው። የቀረው ሦስት ግራም፣ የሻይ ማንኪያ ግማሽ፣ ለቀኑ ምግብ ሁሉ ነው። ይህ የሚሠራው ግን በርበሬውና ሽሮው ያለ ጨው ከተፈጨ ብቻ ነው። ዱቄቱ ጨው ካለበት ሂሳቡ ከመጀመሪያው ተበላሽቷል፤ ያለቀ ሽሮ ውስጥ ያለውን ጨው ማንም ለይቶ አያወጣውም።

«ለእሱ ብቻ ለየት ያለ ድስት ይጣድ» የሚለውን ምክር አልወደውም። የሳምንት ዕድሜ የለውም፤ ሕመምተኛውንም በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል። የተሻለው ተቃራኒው ነው። የቤቱ በርበሬና ሽሮ በሙሉ ያለ ጨው ይፈጭ፣ ድስቱም ያለ ጨው ይውረድ። ጤነኞቹ ጨዋቸውን ሳህናቸው ላይ ይነስንሱ፤ ሕመምተኛው ደግሞ የራሱን ግማሽ ማንኪያ ጠዋት ለክቶ በትንሽ ዕቃ ያስቀምጥ፣ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ይቆንጥር። ላዩ ላይ የተነሰነሰ ጨው ምላስን ቶሎ ስለሚያገኝ ጥቂቱ ብዙ ይመስላል። መጀመሪያ ሰሞን ምግቡ አልጫ አልጫ ይላል፣ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ምላስ ይለምዳል፤ ያኔ ምግብ ቤት የበሉት ወጥ ጨው ብቻ ይሆናል። እስከዚያው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና የሎሚ ጠብታ ሥራቸውን ይሥሩ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሱፐርማርኬት ውስጥ «ሶዲየም የቀነሰ ጨው» ተብሎ የሚሸጥ አለ። ብዙ ጊዜ ሶዲየሙ የተቀነሰው ፖታሲየም ተተክቶ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየም ማስወጣት አይችልም፤ ሲጠራቀም ልብን ያቆማል። የደም ግፊት ብቻ ላለበት ጎረቤት የበጀው ጨው ለእሱ መርዝ ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ፤ ጠንካራ የሚሉት አላቸውና። «ታካሚዎቻችን ጨው በልተው ብቻ አይደለም ውሃ ይዘው የሚመጡት፤ አንዳንዱ ሳይጠማው ይጠጣል» ይላሉ። እውነት ነው። ቡና ሦስት ስኒ፣ ለቅሶ ቤት ሻይ፣ ሠርግ ላይ ጠላ፤ እነዚህ ጥምን አይጠብቁም። ከዚህም የባሰው ስኳር ነው። ብዙው የኩላሊት ሕመምተኛ ስኳርም አለበት፤ የደም ስኳሩ ሲያሻቅብ ልክ እንደ ጨው ያስጠማል፣ ያን ጊዜ ጨውን ብቻ ማሳደድ ከንቱ ነው። መድኃኒት አፍ አድርቆባቸው የሚጠጡም አሉ።

ነገር ግን እነዚህን ከጨው በላተኛው መለየት ይቻላል፤ ማንም ግን አይሞክረውም። ከእጥበቱ በፊት በሚወሰደው ደም ላይ ሶዲየሙን ማየት ይበቃል። ክብደቱ አራት ኪሎ ጨምሮ ሶዲየሙ 139 ከሆነ፣ ውሃው የገባው ከጨው ጋር ልክ ለልክ ነው፤ የሚጠየቀው ሽሮው ነው። ክብደቱ አራት ኪሎ ጨምሮ ሶዲየሙ 128 ከሆነ ግን ውሃው ጨው ሳይከተል ገብቷል፤ ያኔ ስለ ብርጭቆ፣ ስለ ስኳርና ስለ ደረቀ አፍ መነጋገር ተገቢ ነው። ስኳሩ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ስኳሩ ራሱ የሶዲየሙን ቁጥር ወደ ታች ይስበዋልና። በአንዲት ቁጥር ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይለያሉ። ሚዛኑ አጠገብ ያለው ቁጣ ግን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይመታቸዋል።

«ጨው ሲቀነስ ምግብ ይጠላሉ፣ ይከሳሉ» የሚለውም ስጋት ቀላል አይደለም። እጥበት ላይ ያለ ሰው መክሳት የለበትም። ግን ምግብ የሚያስጠላው በአንድ ቀን ሁሉንም መከልከል ነው። በርበሬው ሲያልቅ አዲሱን ያለ ጨው ማስፈጨት፣ ቀጥሎ ሽሮውን፣ ቀጥሎ ማንኪያውን መለካት ይቻላል። ከዚህ ይልቅ ሰውን የሚያከሳው ሆዱ በውሃ ተሞልቶ፣ አፉ ደርቆ፣ በጥም ተቃጥሎ ገበታ ላይ መቀመጡ ነው።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ፤ ጨው የምንሰጠው እኛው ነን። እጥበት ላይ ግፊት ሲወርድ ነርሷ ሳላይን ትለቃለች። ያ ሳላይን በሊትር 9 ግራም ጨው አለው። ግማሽ ሊትር ከተለቀቀለት 4.5 ግራም፣ የአንድ ቀን ራሽኑ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው፤ በቱቦ ገባ። መጨረሻ ላይ ደሙ ሲመለስለት በሚያጥበው ሳላይንም ሁለት ግራም ይጨመራል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ግፊት እንዳይወርድ ተብሎ የማሽኑ ፈሳሽ ሶዲየም ከፍ ይደረጋል፤ ታካሚው ከደሙ በላይ ጨዋማ በሆነ ፈሳሽ ታጥቦ ቤቱ ሲገባ እንስራ ቢያቀርቡለት አይበቃውም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ብዙ ኪሎ ይዞ ይመጣል፣ በፍጥነት ይሳባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሳላይን ይለቀቅለታል። ነርሷን አልወቅስም፤ ግፊቱ የወረደን ሰው መታደግ አለባት። ነገር ግን ከእያንዳንዱ እጥበት ጥሙ ብሶበት የሚወጣ ታካሚ ካለ፣ ከወረቀቱ በፊት ማሽኑ ላይ የተሞላው የሶዲየም ቁጥር ቢታይ ደግ ነው።

በመጨረሻ የወረቀቱ ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው እጥበት ላይ ባልደረሱት ላይ ነው። ያው «በቀን 1 ሊትር» የሚለው ወረቀት ክሬቲኒኑ 1.8 ለሆነ፣ እግሩ ላላበጠ፣ ሽንቱ እንደ ልብ ለሚወርድ ሰው ይሰጣል። ለምን? ኩላሊት ስለታመመ። ይህ ሰው ፈሳሽ የሚገደብበት ምክንያት የለውም። ውሃ የሚገደበው ሽንት ሲቀንስ፣ እብጠት ሲመጣ፣ ልብ ሲደክም ወይም ሶዲየም ሲወርድ ነው። መተማ ሰሊጥ ማሳ ላይ ወይም ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ የሚውል ሰው በ1 ሊትር ተገድቦ ኢናላፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት እየወሰደ ተቅማጥ ቢይዘው፣ የቀረችው ኩላሊት በሁለት ቀን ልትወድቅ ትችላለች። ወረቀቱን አክብሮ ነው የተጎዳው።

በሌላው ጫፍ ያሉት «ውሃ ኩላሊት ያጥባል፣ ሦስት ሊትር ጠጣ» ይሉታል። ይህም አልተሳካም። በካናዳ ከስድስት መቶ በላይ የኩላሊት ሕመምተኞችን አሳትፎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ፣ ውሃ አብዝተው እንዲጠጡ የተመከሩት ሰዎች ኩላሊት ከሌሎቹ ዘግይቶ እንዳልደከመ አሳይቷል። ለዚህ ሰው ትክክለኛው ምክር ሲጠማህ ጠጣ ነው። ጨው ግን ይቀንስ፤ ጨው ከበዛ የደም ግፊት መድኃኒቱም የሚያሸናውም ግማሽ ሥራቸውን ያጣሉና። ሽንታቸው ጨው የሚያፈስ ጥቂት ሕመምተኞች አሉ፤ ለእነሱ ሐኪማቸው ለየት ያለ ነገር ይነግራቸዋል።

እንግዲያው ወረቀቱ ቢታደስ ከላይ የሚጻፈው ጨው ነው፤ ከጨውም መጀመሪያ በርበሬና ሽሮ፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ ቀጥሎ ማንኪያው። ፈሳሽ ከሥር ይምጣና ባዶ ቦታ ይተውለት፤ ቁጥሩን ሐኪሙ በእጁ ይሙላው። ሽንት ያለው ሰው የአንድ ቀን ሽንቱን በጠርሙስ ለክቶ ግማሽ ሊትር ይጨምርበታል፣ ሽንቱ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። ያላበጠውና ሽንቱ ደህና የሆነው ሰው ቦታ ላይ ሰረዝ ይደረግበት። ማክሰኞ ጠዋት ሚዛኑ አጠገብ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ጠጡ?» መሆኑ ይቅርና «አባባ፣ የቤታችሁ ሽሮ ሲፈጭ ጨው ይገባበታል?» ይሁን።